የአምናውን የእንቁጣጣሽ ማስታወቂያ ለ2019 ማደስ፦ ምኑ ይቆይ፣ ምኑ ይውጣ

ጥያቄ፦ «ባልትና ቤት አለን፤ የቴሌግራም ቻናሉንና በስልክ የምንልከውን አጭር መልእክት የምጽፈው እኔ ነኝ። አምና ለእንቁጣጣሽ የዶሮ ጥቅል ብለን 250 ግራም በርበሬ፣ 250 ግራም ንጥር ቅቤና አንድ እሽግ መከለሻ አንድ ላይ ሸጠን ነበር። ቻናሉ ላይ ሦስት ጊዜ ለጠፍን። ነሐሴ 25 የመልካም ምኞት ፖስተር ከ15 በመቶ ቅናሽ ጋር፦ 4,200 ዕይታ፣ 6 ትዕዛዝ። ጳጉሜ 1 የጥቅሉ ፎቶ "ለአንድ ዶሮ የሚበቃ" ከሚል ጽሑፍ ጋር፦ 3,100 ዕይታ፣ 41 ትዕዛዝ። ጳጉሜ 4 "ዛሬ ማታ ይዘጋል" የሚል፦ 2,600 ዕይታ፣ 37 ትዕዛዝ። አባቴ "የሠራውን ለምን ትነካዋለህ፣ ዓመቱን ብቻ ቀይረህ ልቀቀው" ይለኛል። ይበቃል? ካልበቃስ የቱን ላቆይ፣ የቱን ልተው?»

ምላሽ፦ ወንድሜ፣ አባትህ ግማሽ እውነት አላቸው፤ የሠራ ነገር አለ፣ እሱን መንካት የለብህም። ዓመቱን ብቻ ቀይሮ መልቀቅ ግን አይሆንም፤ ዘንድሮ ደግሞ በተለይ አይሆንም። መስከረም 1 ቀን 2018 የዋለው ሐሙስ ነበር። መስከረም 1 ቀን 2019 የሚውለው ዓርብ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ የማይጾሙት በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ሲሆኑ፣ እንዲሁም ልደትና ጥምቀት በእነዚህ ቀኖች ሲውሉ ነው። ዘመን መለወጫ ከእነዚህ ውስጥ አይደለም። ስለዚህ አምና «ሐሙስ ጠዋት ዶሮዎ ከገበታ እንዲደርስ» ብላችሁ ከነበረ፣ «ሐሙስ»ን በ«ዓርብ» ብትተካው ለሚጾም ደንበኛ በጾም ቀን ዶሮ ልትሸጥለት ነው። አይሰድብህም፤ ዝም ብሎ ያልፍሃል። አንተ ደግሞ ጽሑፉ አርጅቶ ነው ትላለህ።

ይህን ያስቀደምኩት ያረጀው ምን እንደሆነ በደንብ ስለሚያሳይ ነው። ሰው የአምና ማስታወቂያ ሲያድስ መጀመሪያ የሚነካው ቅጽሎቹን ነው፤ «ልዩ» የነበረውን «ድንቅ» ያደርገዋል። የሚያረጀው ግን ከሁሉ በፊት ከቀን መቁጠሪያው፣ ከዋጋውና ከማድረሻው ጋር የተያያዘው ነው። እሱ ሲስተካከል ጽሑፉ በራሱ አዲስ ነገር ይዞ ይመጣል። የዘንድሮው አዲስ ነገር ዓርብ ነው።

ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት የሠራው የቱ እንደሆነ ከቁጥሮችህ እንለይ። ትዕዛዙን ለዕይታው አካፍለው። የነሐሴ 25ቱ በሺህ ዕይታ አንድ ተኩል ያህል ትዕዛዝ አመጣ፣ የጳጉሜ 1ዱ 13፣ የጳጉሜ 4ቱ 14። ላይ ላዩን ሲታይ የመጨረሻው አሸናፊ ይመስላል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ጳጉሜ 4 ቀን በርበሬ የማይገዛ የለም፤ ምንም ባትለጥፉም ሽያጭ ይወጣ ነበር። ጽሑፉ ይሁን ቀኑ ለመለየት የዚያን ሰሞን የሱቁን የእጅ በእጅ ሽያጭ አውጣ፤ ማለትም ማስታወቂያውን ሳያይ ገብቶ የገዛውን ሰው። ሱቁ በዘወትር ቀን ከሚሸጠው ሦስት እጥፍ ጳጉሜ 4 ቀን ከሸጠና የቴሌግራሙ ትዕዛዝም በዚያው ልክ ካደገ፣ ሥራውን የሠራው ቀኑ ነው። ሱቁ በዘወትር ልኩ ላይ ሆኖ ትዕዛዙ ብቻ ዘልሎ ከሆነ ሥራውን የሠራው ጽሑፉ ነው። የጳጉሜ 1ዱ በዚህ ሚዛን ይበልጥ የሚታመን ነው፤ ገና ገበያው ሳይጋጋል 41 ሰው እጁን ዘርግቷል።

ዕይታውንም ሙሉ በሙሉ አትመነው። የቴሌግራም ዕይታ ከበዓሉ በኋላም እየጨመረ ይሄዳል፤ ለሌላ ሰው ሲላክም ይቆጠራል። አሁን የምታየው 4,200 ነሐሴ 25 ቀን ያነበቡት ሰዎች ቁጥር አይደለም። ለዘንድሮ እያንዳንዱ ልጥፍ ከወጣ ልክ 24 ሰዓት ሲሞላው ቁጥሩን ደብተር ላይ አስፍር፤ ለ2020 ስታድስ የምታወዳድረው ያን ጊዜ ነው።

የጳጉሜ 1ዱ ለምን ሠራ? በፎቶው ብቻ አይመስለኝም። ባልትና ቤት የሚገባ ሰው፣ በተለይ ወጥ አዘውትሮ የማይሠራ ወጣት ወይም አዲስ ጎጆ የወጣ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለአንድ ዶሮ ስንት ልውሰድ?» ብሎ ነው። «ለአንድ ዶሮ የሚበቃ» የምትለው ሐረግ ያን ጥያቄ ሳይጠየቅ መለሰችለት። ስለዚህ ይህች ሐረግ በቃሏ ትቆይ፣ ቦታዋም ይቆይ። ደግሞ እንዳትደጋገም ብለህ «ለአንድ ዶሮ የተመጠነ» ወይም «ለቤተሰብ ገበታ የተዘጋጀ» እንዳትላት። ያሰለቸችህ አንተን ነው፤ ደንበኛው በዓመት አንድ ጊዜ ነው የሚያያት። በማደስ ሥራ ውስጥ ጸሐፊው የሰለቸውን ደንበኛው ሰልችቶታል ብሎ እንደማሰብ የሚያከስር ነገር የለም።

የነሐሴ 25ቱ ለምን ወደቀ? ሁለት ምክንያት ይታየኛል፤ አንደኛውን በእርግጠኝነት፣ ሁለተኛውን በጥርጣሬ። እርግጠኛው የመጀመሪያው መስመር ነው። ፖስተሩ የተለመደውን «እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ!» ብሎ ከጀመረ፣ ስልኩ ላይ ብቅ የሚለው ማሳወቂያ በሰላምታው ተሞልቶ ያልቃል። በዚያ ሰሞን ባንኩም ቴሌኮሙም የዕቁብ ግሩፑም የሚልከው ያንኑ ስለሆነ ሰው ሳይከፍት ያልፈዋል፤ ቢከፍትም ምኞት ተቀብሎ ይዘጋል። የምጠረጥረው ደግሞ ቅናሹን ነው። 15 በመቶ ያለው ልጥፍ 6 ትዕዛዝ፣ ስለ ቅናሽ ያላነሳው 41 ትዕዛዝ ማምጣቱ ቅናሹ አያስፈልግም ያሰኛል። ግን ልጥፉ የወጣው ከበዓሉ 11 ቀን ቀድሞ ነበር፤ ቅናሹ ይሁን ቀኑ መፍረድ አይቻልም። ይህን ዘንድሮ መለየት ትችላለህ፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

አሁን ጽሑፉን ዘርጋው። የእናንተ በትክክል እንዴት እንደሚል አላየሁም፤ የባልትና ቤት የአውደ ዓመት ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«እንኳን ከዘመነ ማቴዎስ ወደ ዘመነ ማርቆስ በሰላም አሸጋገራችሁ! አዲሱን ዓመት በአዲስ ጣዕም ይቀበሉ! ባልትናችን ልዩ የበዓል ቅናሽ አዘጋጅቶላችኋል። ለአንድ ዶሮ የሚበቃ በርበሬ፣ ንጥር ቅቤና መከለሻ በአንድ ጥቅል። ሐሙስ ጠዋት ዶሮዎ ከገበታ እንዲደርስ እስከ ማክሰኞ ማታ ይዘዙ። በጥራት የማንደራደር፣ የብዙዎች ምርጫ!»

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ዓይነት ቀለም ቀባው፤ የሚቆይ፣ ቅርጹ ቆይቶ ውስጡ የሚሞላ፣ የሚወጣ። «ለአንድ ዶሮ የሚበቃ» ያለበት ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይቆያል። «እስከ ማክሰኞ ማታ ይዘዙ» የሚለው ቅርጹ ይቆያል፣ ቀኑ ይሞላል። ሰላምታው ከዚህ ይወጣና መስከረም 1 ጠዋት ምንም ሳይሸጥ ብቻውን ይለጠፋል፤ ያኔ «ከዘመነ ማርቆስ ወደ ዘመነ ሉቃስ» ይሆናል። «አዲሱን ዓመት በአዲስ ጣዕም» ይውጣ። በርበሬ የሚገዛ ሰው የሚፈልገው የለመደውን የእናቱን ጣዕም ነው፤ አዲስ ጣዕም ለበርበሬ ስድብ ነው። «በጥራት የማንደራደር፣ የብዙዎች ምርጫ» የሚለውን የጫማ ሱቅም፣ የመኪና እጥበትም ሊለጥፈው ይችላል፤ ይውጣ።

በዚያው አጋጣሚ አነጋገሩን አስተካክል። ጽሑፉ «አሸጋገራችሁ» እና «አዘጋጅቶላችኋል» እያለ በብዙ ይጀምርና «ዶሮዎ»፣ «ይዘዙ» እያለ በአክብሮት ለአንድ ሰው ይጨርሳል። አንዱን ምረጥ። ትዕዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ስለሆነ እኔ ብሆን «ይዘዙ»ን ይዤ እሄዳለሁ።

በወጣው ፈንታ የሚገባው ከራሳችሁ የመልእክት ሳጥን ይምጣ። የአምናውን የጳጉሜ ንግግሮች ከላይ እስከ ታች አንብብና ሦስት ሰውና ከዚያ በላይ የጠየቀውን ጥያቄ ብቻ ለቅመህ ጻፍ፣ በጠያቂዎቹ ቃል። በርበሬ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣው «ጨው አለው?» ነው። ምክንያቱም ጨው ያለበትን በርበሬ የማያውቅ ሰው ወጡን ደግሞ ጨው ይጨምርበትና ያበላሸዋል፤ ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል። መልሱ አንድ መስመር ነው፣ ከአሥር «ጥራት» ይበልጥ ያሳምናል።

አሁን ወደ ዓርቡ። በቤቱ ሁለት ገበታ አለ፤ ለሚጾመው ዓርብ የጾም፣ ቅዳሜ መስከረም 2 የፍስክ። ሐሙስ ጳጉሜ 5 ማታ ዶሮ የሚበላ ቤተሰብ አለ፤ የጳጉሜን ጾም በፈቃዱ የሚጾም ደግሞ ሐሙስም አይበላም። ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ደንበኞቻችሁ ዓርብ ቢበሉ የሚከለክላቸው የለም። ስለዚህ መቼ እንደሚበላ አትንገረው፤ መቼ እንደምታደርስለት ብቻ ንገረው። ዓርብ የሥራ ቀን ስላልሆነ ሞተረኛ ላይ መተማመን አይቻልም፤ ሐሙስ እስከ ቀትር ካደረሳችሁ ሐሙስ የሚሠራውም፣ ለቅዳሜ ብሎ ዓርብ ሽንኩርት የሚያቁላላውም ይደርስለታል። የመዝጊያው ቀን ስለዚህ ረቡዕ ጳጉሜ 4 ማታ ይሆናል። ቀኑ አምናም ጳጉሜ 4 ነበር፤ የተለወጠው ማክሰኞ የነበረው ረቡዕ መሆኑ ነው። አንዱን ሳታስተካክል ሌላውን ብታስተካክል «ማክሰኞ ጳጉሜ 4» የሚባል የሌለ ቀን ትለጥፋለህ።

ከዚሁ ሁለተኛ ጥቅል ይወለዳል፤ 500 ግራም ምጥን ሽሮና 250 ግራም በርበሬ ያለበት የጾም ጥቅል። ንጥር ቅቤው ካለበት ከረጢት ጋር አብራችሁ አታሽጉት፤ ቅቤ የነካው ሽሮ ለጾመኛ አይሆንም፣ ደንበኛው ደግሞ ከረጢቱን ሲከፍት ያሸትተዋል። አዲሱ ጽሑፍ እንግዲህ ይህን ይመስላል፦

«ለአንድ ዶሮ የሚበቃ በርበሬ፣ ንጥር ቅቤና መከለሻ በአንድ ጥቅል።
በርበሬው ጨው አለው፤ ወጡን ቀምሰው ይጨምሩ።
እንቁጣጣሽ ዘንድሮ ዓርብ ነው። ለጾም ገበታ የሽሮና የበርበሬ ጥቅል ለብቻው አዘጋጅተናል።
እስከ ረቡዕ ጳጉሜ 4 ማታ 2 ሰዓት ይዘዙ፤ ሐሙስ እስከ ቀትር ቤትዎ ይደርሳል።»

ከታች ሁለቱ ዋጋዎችና ስልኩ ይገባሉ። በቴሌግራም ከፎቶ ሥር የሚጻፍ ጽሑፍ ጣሪያው 1,024 ፊደል ነው፤ ይህ ከሩቡ አይበልጥም፣ እንዲያውም አትጨምርበት። ፎቶው የጥቅሉ የራሱ ይሁን። አምና የተነሣውን መጠቀም የምትችለው ማሸጊያውና ግራሙ ካልተለወጠ ብቻ ነው። አደይ አበባ ከጎኑ ቢቀመጥ አልከፋም፤ ፎቶውን ሙሉ ከሸፈነው ግን ከሌላው ሁሉ ቢጫ ፖስተር ጋር ይቀላቀላል።

የስልኩ አጭር መልእክት የተለየ ሒሳብ አለው። በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ መልእክት አንዱ የሚይዘው 70 ፊደል ነው፣ ክፍት ቦታና ሥርዓተ ነጥብ ተቆጥሮ። ከዚያ ካለፈ ይከፈላል፣ እያንዳንዱ ክፍል 67 ይይዛል፣ ለእያንዳንዱም ትከፍላለህ። 160 የሚባለው ለላቲን ፊደል ነው፤ በላቲን መካከል አንድ የግዕዝ ፊደል ብትገባ እንኳ መልእክቱ በሙሉ ወደ 70 ይወርዳል። ከላይ ያለውን የዘመነ ማቴዎስ ሰላምታ ቁጠረው፤ ብቻውን 40 ፊደል ነው። ለዕቃው፣ ለቀኑና ለስልኩ የቀረው 30 ነበር ማለት ነው። ስለዚህ አምና የላካችሁት በሁለት መልእክት ዋጋ የሄደ ሳይሆን አይቀርም። የዘንድሮው፦

«ለአንድ ዶሮ የሚበቃ በርበሬ፣ ቅቤና መከለሻ። እስከ ረቡዕ ማታ ይዘዙ፤ ሐሙስ እናደርሳለን።»

ይህ 57 ነው። አንድ ክፍት ቦታና አሥር አሃዝ ያለው ስልክ ሲጨመር 68 ይሆናል። ላኪው ላይ የሱቁ ስም የማይወጣ ከሆነ «በርበሬ፣ ቅቤና መከለሻ» የሚለውን «በርበሬና ቅቤ» አድርገው፤ እስከ ሰባት ፊደል ለሚደርስ ስም ቦታ ይገኛል። ከዚያ በላይ የሚረዝም ስም ካላችሁ «ማታ» ትውጣ።

የቅናሹን ጥርጣሬ የምትፈታውም በዚሁ ነው። የስልክ ዝርዝሩን በመጨረሻው አሃዝ ጎዶሎና ሙሉ ብለህ ለሁለት ክፈለው። ለአንደኛው ከላይ ያለውን፣ ለሌላው «ሐሙስ እናደርሳለን» የሚለው ቦታ ላይ «15% ቅናሽ» የሚል ያለበትን በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ላክ። ደዋዩ የትኛው እንደደረሰው ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ስልኩን ከዝርዝሩ ጋር ታመሳክራለህ። አንዱ 19፣ ሌላው 23 ቢያመጣ ምንም አልተማርክም፣ ያ የአጋጣሚ ልዩነት ነው። አንዱ የሌላውን እጥፍ ካመጣ ግን ለገና ጽሑፍ መያዣ አገኘህ ማለት ነው። ቅናሹን ለግማሹ ነግረህ ለቀረው ነፍገህ አትቅር፤ ያልተነገረው ሲያዝም በቅናሹ ዋጋ ስጠው፣ አለዚያ ጎረቤታሞች ሲያወሩ ይጣሉሃል። 15 በመቶው የሚሰላውም ዛሬ በሱቁ ውስጥ ከሚሸጥበት ዋጋ ላይ ነው። በርበሬ ከአምና ወዲህ ዋጋው ከተለወጠ በአምናው ፖስተር ላይ የተሰረዘውን ዋጋ እንዳለ መተው አይሆንም፤ ሱቁ ባልሸጠበት ዋጋ ላይ የተሠራ ቅናሽ አሳሳች ማስታወቂያ ነው፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳችን ይከለክላል።

የነሐሴ 25ቱን ቦታ ለቻናሉ አትጠቀምበት። አምና 84 ትዕዛዝ የሰጡ ደንበኞች አሏችሁ። ለእነሱ በግል ጻፍላቸው፦ «አምና ለአንድ ዶሮ የሚበቃውን ጥቅል ወስደው ነበር። ዘንድሮም ያንኑ ላስቀምጥልዎ? እንቁጣጣሽ ዓርብ ስለሆነ የጾም ጥቅልም አለን።» ይህ ለማያውቃችሁ ሰው አይላክም። ለሚያውቃችሁ ግን ከማንኛውም ፖስተር ይበልጣል፤ መልሱም አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈልገው። ያኔ ቅሬታ አቅርቦ የነበረ ሰው ካለ ከዝርዝሩ አውጣና ደውልለት እንጂ ይህን አትላክለት።

ከመልቀቅህ በፊት የአምና ቅሪት ፍለጋ አለ፤ እዚህ ላይ አማርኛ የራሱ ወጥመድ አለው። በኮምፒውተር «ሐሙስ» ብለህ ብትፈልግ «ሀሙስ» ወይም «ኀሙስ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝልህም። «ዓርብ»ና «አርብ»፣ «ዓመት»ና «አመት»ም እንደዚያው። እያንዳንዱን በየአጻጻፉ ለይተህ ፈልግ፤ «ማቴዎስ»፣ «ማክሰኞ»፣ «2018» እና የአምናው ዋጋም ይጨመሩ። ፍለጋ ምስል ውስጥ አይገባም፤ ዲዛይነሩ ፖስተሩ ጥግ ላይ ዓመቱን በግዕዝ ቁጥር ፳፻፲፰ ብሎ አስጊጦት ሊሆን ስለሚችል በዓይንህ እይ፣ ዘንድሮ ፳፻፲፱ ነው። ልጥፉን በሰዓት ቀጥረህ የምትለቅ ከሆነ ማታ 1 ሰዓት በስልኩ 19:00 ነው። ፋይሉን ስታስቀምጥም አንድ ማስታወሻ ከላዩ ጻፍበት፦ 2019 ጳጉሜው ስድስት ስለሆነ የ2020 እንቁጣጣሽ መስከረም 12 በፈረንጆች ነው፤ ዋዜማው ጳጉሜ 6 እንጂ 5 አይደለም።